ተንጠልጥሎ፣ ተዘርግቶ ወይም ቀጥ ብሎ ተኝቶ ቁመት መጨመር ይቻላል?

ጠዋት የተለካ ቁመትና ማታ የተለካ ቁመት ለምን ይለያያሉ? በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ወላጆችና ወጣቶች በአግዳሚ ብረት ላይ ጊዜና ገንዘብ ከማጥፋታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ።

ልጅዎ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ተቃርቧል እንበል። የበረራ አስተናጋጅነት ወይም የፖሊስ ምልመላ ማስታወቂያ አይቶ፣ ዝቅተኛው የቁመት መጠን ላይ ለመድረስ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንደሚጎድለው ተረድቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በበሩ ጉበን ላይ ብረት አስገጥሞ ጠዋትና ማታ ይንጠለጠላል። ትራሱን አውጥቶ ጥሎ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ መሬት ላይ ይተኛል። ስልኩ ላይ ያገኛቸው ቪዲዮዎች በሠላሳ ቀን አምስት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል ብለውታል። ከወር በኋላ ሜትሩን ይዞ ይመጣና «እማዬ፣ አንድ ነጥብ ስምንት ጨምሬያለሁ! ነይ እይልኝ» ይላል። እርስዎም ሜትሩን ያያሉ፤ እውነትም ቁጥሩ ጨምሯል።

ልጅዎ አልዋሸም፣ ሜትሩም አልተሳሳተም። ያም ሆኖ ልጁ አልረዘመም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ስለ አከርካሪያችን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

እያንዳንዳችን ሁለት ቁመት አለን

አከርካሪያችን አንድ ወጥ ምሰሶ አይደለም። አጥንቶች እንደ ድርብ ድንጋይ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ዲስክ የሚባሉ ለስላሳ ትራሶች ገብተውበት የተሠራ ነው። ዲስኮቹ 23 ናቸው። ሁሉም ሲደመሩ የአከርካሪን ርዝመት ሩብ ያህል ይይዛሉ። በውስጣቸው ውሃ የሚይዝ እንደ ሙጫ ያለ ነገር አለ።

ቆመን ስንውል፣ ስንቀመጥ፣ ዕቃ ስንሸከም የላይኛው የሰውነታችን ክብደት ዲስኮቹን ይጫናቸዋል። በዚህ ጊዜ ውሃው ቀስ በቀስ ከውስጣቸው ይወጣል፤ ዲስኮቹም ይሳሳሉ። ማታ ጋደም ስንል ጫናው ይቀላል፤ ዲስኮቹ ውሃውን መልሰው ይመጣሉ፤ እንደገናም ያብጣሉ። ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ የሚሆነውን ያስቡ።

ይህ በልኬት የተረጋገጠ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ደ ፑኪ የተባለ ሐኪም ከ1,200 በላይ ሰዎችን ጠዋትና ማታ ለክቶ፣ በአማካይ በቀን ወደ 16 ሚሊ ሜትር እንደሚያጥሩ አገኘ። ከቁመታቸው አንድ በመቶ ገደማ ማለት ነው። በ1985 ደግሞ ታይሬል፣ ራይሊና ትሩፕ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይበልጥ ትክክለኛ በሆነ መሣሪያ ለክተው አማካዩን 19 ሚሊ ሜትር ገደማ አደረጉት። ከሁሉ የሚያስገርመው ጊዜው ነው። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የሚጠፋው ከአልጋ በተነሳን በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ማታ ስንተኛም አብዛኛው የሚመለሰው በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው።

ስለዚህ 168 ሴንቲ ሜትር ነኝ የሚል ሰው ከአልጋው እንደተነሳ 168 ተኩል፣ አመሻሽ ላይ 167 ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ለ23 ዲስኮች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ሲደመር ግን አንድ ወጣት ሕይወቴን ይቀይርልኛል ብሎ የሚያስበው ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይችላል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። ይህ የተወሰነ ሰው ታሪክ ሳይሆን ነገሩን ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ ነው። ወጣቱ 19 ዓመቱ ነው። ጢሙን መላጨት ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ላለፉት ሁለት ዓመታትም የሱሪው ቁመት አላጠረበትም። ልምምዱን የጀመረ ዕለት፣ ቀኑን ሙሉ አጎቱን የድንች ጆንያ ሲያጋግዝ ውሎ ማታ 12 ሰዓት ላይ ተለካ፤ 166.9 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከሠላሳ ቀን በኋላ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከአልጋው ተነስቶ፣ አምስት ደቂቃ ተንጠልጥሎ፣ ወዲያው ተለካ፤ 168.7 ሆነ። ጨመርኩ ያለው 1.8 ሴንቲ ሜትር ከዚህ የመጣ ነው።

ነርስ የሆነች እህቱ ይህን ሰምታ «እንደዚህ አይለካም፤ እኔ ልለካህ» አለችው። ለሦስት ቀናት፣ ጠዋት ከአልጋ እንደተነሳና ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ በአንድ ግድግዳና በአንድ ሜትር ለካችው። ጠዋት ጠዋት 168.5፣ 168.6 እና 168.4 ሆነ። ማታ ማታ ደግሞ 166.9፣ 167.0 እና 166.8። የማታው ቁጥር ከወር በፊት ከነበረው ማታ ጋር አንድ ነው። በወሩ ውስጥ የተቀየረ ነገር የለም፤ የተቀየረው ሜትሩ የተያዘበት ሰዓት ብቻ ነው።

የጠዋቱ 168.7 ከሌሎቹ ጠዋቶች ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የበለጠውስ? እሱ ከመንጠልጠሉ የመጣ ሊሆን ይችላል። በእጅ ሲንጠለጠሉ የእግርና የወገብ ክብደት አከርካሪን ወደ ታች ይስበዋል፤ በዲስኮቹ ላይ ያለው ጫና ለጊዜው ይቀላል። ጀርባን የሚያሳስቡ የዮጋ እንቅስቃሴዎችና ራስን ወደ ታች አድርጎ መንጠልጠልም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ሆኖም ሰውየው እግሩ መሬት ረግጦ መራመድ ሲጀምር ክብደቱ መልሶ ይጫነዋል፤ የተገኘውም ጥቂት ሚሊ ሜትር ቁርስ ተበልቶ ሳያልቅ ይጠፋል። በምልመላ ቦታ ወረፋ ይዘው ሁለት ሰዓት የሚቆሙ ሰዎች ጠዋት ያገኙትን ይዘው ወደ መለኪያው አይደርሱም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። መንጠልጠልና ማሳሳብ የሚነካው አከርካሪን ብቻ ነው። የጭንና የቅልጥም አጥንት በመንጠልጠል አይሳብም። እግሬ ረዘመ የሚል ሰው ካለ፣ የለካው ሱሪውን ነው።

ከምድር የወጡት ሰዎች የሰጡን ማስረጃ

«ለአምስት ደቂቃ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ቢሆን ይጸና ነበር» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህን ሙከራ በእኛ ፋንታ ያደረጉልን የጠፈር ተመራማሪዎች ናቸው። ጠፈር ላይ ክብደት ስለማይሰማ አከርካሪያቸው ለወራት ቀንም ሌትም አይጫንም። በየትኛውም አግዳሚ ብረት ላይ የማይገኝ፣ ያለማቋረጥ የሚሠራ መንጠልጠል ማለት ነው።

ውጤቱስ? ቁመታቸው እስከ ሦስት በመቶ ይጨምራል። አሜሪካዊው ስኮት ኬሊ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ለ340 ቀናት ያህል ከቆየበት ጠፈር ሲመለስ ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ረዝሞ ነበር። ምድር ላይ በቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ወደ ቀድሞ ቁመቱ ተመለሰ። አንድ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቀንና ሌሊት ያላጸናውን፣ በቀን አሥር ደቂቃ መንጠልጠል ያጸናዋል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ጠፈር ላይ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ከተመለሱም በኋላ ዲስክ መንሸራተት ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይታይባቸዋል። ያበጠ ዲስክ ጤናማ ዲስክ ነው ማለት አይደለም።

ከዚያው ከጠፈር ስለ ልኬት ስህተት የሚያስተምር ሌላ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ጃፓናዊው ኖሪሺጌ ካናይ በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር እንደረዘመ ለዓለም አሳወቀ፤ ወሬውም በየአገሩ ተሰማ። የቡድኑ አዛዥ ግን ተጠራጠረ። ካናይ ራሱን ደግሞ ሲለካ ጭማሪው ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ስለ ተሳሳተው ወሬም ይቅርታ ጠየቀ። ሐኪምም ጠፈርተኛም የሆነ ሰው በልኬት ሰባት ሴንቲ ሜትር ከተሳሳተ፣ በበር መቃን ላይ በእርሳስ የተጫረ ምልክት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ይገምቱ።

የአተኛኘት ነገር

ያለ ትራስ በጀርባ መተኛት ያረዝማል፣ ተኮራምቶ በጎን መተኛት ያሳጥራል የሚለው አባባል በየቤቱ ይሰማል። የዲስኮቹን ሥራ ካወቁ መልሱን ራስዎ ያገኙታል። ዲስኮቹ ውሃ የሚመልሱት ሰውየው ጋደም ስላለና ክብደቱ ስለተነሳላቸው ነው። በጀርባም ይሁን በጎን፣ በስፖንጅ ፍራሽም ይሁን በጠፍር አልጋ፣ ሌሊቱን የተኛ ሰው ጠዋት ላይ ሙሉ ቁመቱን ያገኛል። ከዚያ በላይ የሚጨምር አተኛኘት የለም።

እንቅልፍ ለቁመት አስተዋጽኦ የለውም ማለት ግን አይደለም። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ልጆች ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሲገቡ ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ከሚያፈጥ በጊዜ ቢተኛ ይበጀዋል። የሚጠቅመው እንቅልፉ ነው፤ የተኛበት አቅጣጫ አይደለም። ትራስዎን የሚመርጡት አንገትዎ ሳያምዎት እንዲያድሩ እንጂ እንዲረዝሙ አይሁን።

አጥንት መቼ ነው የሚዘጋው?

እውነተኛ ቁመት የሚጨምረው በአጥንት ነው። የልጆች ረጃጅም አጥንቶች ጫፋቸው አካባቢ ስስ የለጋ አጥንት ንጣፍ አላቸው። በዚያ ንጣፍ ላይ አዳዲስ ሴሎች እየተደረደሩ ወደ ጠንካራ አጥንት ይቀየራሉ፤ ልጁም በዚያ ይረዝማል። የጉርምስና ሆርሞኖች መጀመሪያ እድገቱን ያፋጥኑታል፤ በመጨረሻ ግን ንጣፉን ራሱን ወደ አጥንት ቀይረው ይዘጉታል። በብዛት ሴቶች ላይ ከ14 እስከ 16፣ ወንዶች ላይ ከ16 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ ይሆናል። ከተዘጋ በኋላ ምንም ዓይነት መሳሳብ፣ ምግብ ወይም ኪኒን አይከፍተውም።

የእድገት ሆርሞን መርፌም ቢሆን አይከፍተውም። ንጣፉ ከተዘጋ በኋላ ሆርሞኑ ሲበዛ አጥንቱ የሚያድገው ወደ ጎን ነው፤ እጅ፣ እግርና መንጋጋ ይገዝፋሉ፤ ስኳርና የልብ ችግርም ሊከተል ይችላል። «ቁመት ጨማሪ» ተብለው በጠርሙስ የሚሸጡ ዱቄቶችና ኪኒኖችም ለተዘጋ አጥንት የሚያደርጉት ነገር የለም።

«ታዲያ የጎረቤቴ ልጅ እንዴት ረዘመ?»

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «የጎረቤቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነበር፤ ብረት ላይ እየተንጠለጠለ በዓመት ስድስት ሴንቲ ሜትር ረዘመ፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላሉ። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ግን ብረቱ አይደለም፤ አጥንቱ ገና አልተዘጋም ነበር።

ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከበስተ ምሥራቋ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ አለ። በዙሪያው ያሉት የፋርጣ፣ የላይ ጋይንትና የሌሎችም ወረዳዎች ደጋ ገበሬዎች በብዛት የሚያመርቱት ገብስና ድንች ነው። እነዚህ ሆድ ይሞላሉ፤ ለሕፃን እድገት ግን ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከሥጋና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይተኩም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረዋል፤ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። በአገር ደረጃ ቁጥሩ 38 በመቶ ነበር። በ2019 በተካሄደው አነስተኛ ጥናት የአማራው ወደ 41 በመቶ ወርዷል፤ ቢወርድም አሁንም ከፍተኛ ነው።

በልጅነቱ በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ ብዙ ጊዜ ጉርምስናው ይዘገያል። ጉርምስናው ሲዘገይ የአጥንቱ መዘጋትም ይዘገያል። በምዕራብ አፍሪካዊቷ ጋምቢያ ገጠር በተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትል፣ ወጣት ወንዶች 20 ዓመት ካለፋቸው በኋላም ጥቂት ሲረዝሙ ታይተዋል። እናም ከደጋ ወረዳ ለትምህርት ደብረ ታቦር የገባ፣ 17 ዓመቱ ሆኖ ድምፁ ገና መጎርነን የጀመረ ልጅ፣ ከተማ ገብቶ የተሻለ ሲበላ በዓመት ብዙ ሴንቲ ሜትር ቢጨምር አይደንቅም። በዚያው ዓመት ብረት ላይ ከተንጠለጠለ ምስጋናውን ብረቱ ይወስዳል። ኳስ ቢጫወት ኖሮ ኳሱ ይወስድ ነበር።

የቪዲዮዎቹ «ምስክሮች»ም ብዙዎቹ ከ20 ዓመት በታች የሆኑት ለዚህ ነው። ማስረጃ ለመሆን የሚበቃው አጥንቱ መዘጋቱ በራጅ የታየ ሰው፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተለክቶ፣ ከወራት በኋላ በዚያው ሰዓት ረዝሞ ሲገኝ ነው።

የእጅ ራጅ የሚነግርዎት

ልጅዎ ገና እያደገ ይሁን አይሁን ለማወቅ የሚያስችል ቀላል ምርመራ አለ። ሐኪም የግራ እጅንና የእጅ አንጓን ራጅ ያስነሳል። በራጁ ላይ ክፍት የሆነው ለጋ ንጣፍ በአጥንቱ ጫፍና በግንዱ መካከል እንደ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ሲዘጋ መስመሩ ይጠፋል። ሐኪሙ ይህን ከዕድሜ ማነጻጸሪያ ምስሎች ጋር አስተያይቶ የአጥንቱን ዕድሜ ይናገራል። የ17 ዓመት ልጅ የአጥንት ዕድሜው 14 ከሆነ ገና ጊዜ አለው፤ ወላጆችም ገንዘባቸውን በመንጠልጠያ ብረት ፋንታ በእንቁላልና በወተት ቢያውሉት ይሻላል። የአጥንት ዕድሜው 18 ከሆነ ደግሞ የማይመጣ ነገር ከመጠበቅ ያድናል።

ራጁን ሁሉም ሰው አያስፈልገውም። ቤት ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች ብዙውን ይናገራሉ። ሴት ልጅ የወር አበባ ካየች በኋላ በብዛት የምትጨምረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ካለፋት እድገቷ ወደ ማብቂያው ተቃርቧል። ወንድ ልጅ ድምፁ ጎርንኖ፣ ጢሙ ሞልቶ፣ የጫማ ቁጥሩ ለሁለት ዓመት ካልተቀየረ መደምደሚያው ያው ነው። በተቃራኒው ሴት ልጅ 13፣ ወንድ ልጅ 14 ዓመት ሞልቷቸው የጉርምስና ምልክት ምንም ካላሳዩ፣ ወይም ከጉርምስና በፊት ያለ ልጅ በዓመት ከአራት ሴንቲ ሜትር በታች የሚያድግ ከሆነ፣ ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለባቸው። የታይሮይድ፣ የአንጀት ወይም ሌላ ሊታከም የሚችል ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ሕክምናው የሚሠራውም አጥንቱ ከመዘጋቱ በፊት ነው።

ቁመት በትክክል ሲለካ

በወር አንድ ጊዜ ቢለኩ ይበቃል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጠዋት ላይ ቁጥሩ በየደቂቃው ይቀየራል። ጫማና ካልሲ ይውለቅ፣ ከፍ ተደርጎ የተያዘ ፀጉር ይፈታ። ልጁ ምንጣፍ በሌለበት ጠንካራ ወለል ላይ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ትከሻውን ግድግዳ አስነክቶ ይቁም። ዓይኑ ቀጥታ ወደ ፊት ይይ፤ አገጩን ቀና ካደረገ ወይም ካቀረቀረ ልኬቱ ይዛባል። ጠርዙ ቀጥ ያለ መጽሐፍ አናቱ ላይ ያስቀምጡና ጀርባው ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ሲነካ ምልክት ያድርጉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ስለሚለጠጥ የብረት ሜትር ይጠቀሙ። ሦስት ጊዜ ለክተው መካከለኛውን ይያዙ። ሦስቱ ልኬቶች በግማሽ ሴንቲ ሜትር ከተለያዩ፣ የእርስዎ አለካክ ከዚያ ያነሰ ለውጥ ማሳየት አይችልም ማለት ነው።

አቋም ሲስተካከል የሚገኘው

በተግባር የሚታይ ለውጥ የሚገኘው ከአቋም ነው። ዴስክ ላይ አጎንብሶ የሚያጠና ተማሪ፣ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ወጣት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንስራና እንጨት በጀርባዋ የተሸከመች ሴት፣ ሁሉም ካላቸው ቁመት ያነሰ ሊታዩ ይችላሉ። የጀርባንና የሆድን ጡንቻ የሚያጠነክሩ፣ የደረትንና የጭንን ጡንቻ የሚያፍታቱ እንቅስቃሴዎች ሰውየው ያለውን ቁመት ሙሉ በሙሉ እንዲጠቀምበት ያደርጋሉ። መንጠልጠልም ትከሻን ያፍታታል፣ ክንድን ያጠነክራል። ይህን ፈልጎ የሚሠራ ሰው ይቀጥል። የሚያገኘው ግን የጎበጠው ሲቀና የሚመለሰውን ነው፤ በትክክል ቀጥ ብሎ ሲለካ የነበረው ሰው ምንም አይጨምርም።

የሚንጠለጠል ሰው ከመዝለል ይልቅ ከእግሩ ሥር በርጩማ ቢያስቀምጥ ይሻላል። ብረቱ በበር ጉበን ላይ በደንብ ያልታሰረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳው በመውደቅ ነው። ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ፣ ወይም ከወገቡ ወደ እግሩ የሚወርድ ሕመምና መደንዘዝ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንጠልጠል። ግፊትና የዓይን ግፊት ያለባቸው ደግሞ ራሳቸውን ወደ ታች አድርገው መንጠልጠል የለባቸውም።

የማይቀና ጉብጠት ሲያጋጥም ግን ነገሩ የአቋም አይደለም። ልጅ ጀርባው አንድ ቦታ ላይ ሹል ብሎ ከወጣ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ የሚያተኩሰውና የሚከሳ ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ በመድኃኒት የሚታከም ሕመም ነውና ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ልጅ ሲያጎነብስ የጀርባው አንድ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ ደግሞ የአከርካሪ መጣመም ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። በማሳሳብ አይቃናም።

ከአጥንት መዘጋት በኋላ አጥንትን በእውነት የሚያረዝመው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ሩሲያዊው ኢሊዛሮቭ የፈለሰፈው ዘዴ ሲሆን አጥንቱ ይቆረጣል፤ በብረት ቀለበት ተይዞም በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ይራራቃል፤ በክፍተቱም አዲስ አጥንት ይሞላል። አምስት ሴንቲ ሜትር ለማግኘት ሃምሳ ቀን ማራራቅና አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ብዙ ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። ቁስል ማመርቀዝ፣ የነርቭ ጉዳትና የመገጣጠሚያ መድረቅ ሊያስከትል ይችላል። አንድ እግሩ ላጠረ ወይም አጥንቱ ለተጎዳ ሰው በረከት ነው፤ ለምልመላ ማስታወቂያ ሲባል ግን የሚገባበት አይደለም።

ሁለት ሴንቲ ሜትሩ የት ነበር?

ያ ወጣት የጎደለው ሁለት ሴንቲ ሜትር የነበረው ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደቱ ባሉት ሺህ ቀናት ውስጥ ሊሆን ይችላል። መቀንጨር በዋናነት የሚከሰተው በዚያ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚካካሰው ከፊሉ ብቻ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ያተኮረው ለዚህ ነው። እናት ነፍሰ ጡር ሳለች የምትበላው፣ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ መጥባቱ፣ ከስድስት ወር በኋላ ገንፎው ላይ እንቁላልና ወተት መጨመሩ፣ ተቅማጥ እንዳይደጋግመው ውሃውና እጁ መጽዳቱ፣ በአግዳሚ ብረት የሚፈለገውን ቁመት የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። ብዙ ቤተሰብ እንቁላሉን ገበያ አውጥቶ ሌላ ይገዛበታል። ከሳምንቱ እንቁላል ጥቂቱን ለታናሹ ልጅ ማስቀረት ከየትኛውም የሠላሳ ቀን ልምምድ ይበልጣል።

ለ19 ዓመቱ ወጣት ደግሞ ቤተሰቡ እውነቱን ቶሎ ቢነግረው ይሻላል። ማስታወቂያው የሚጠይቀው ቁመት ላይ በማታ ልኬት ካልደረሰ፣ ማመልከቻውን የቁመት መስፈርት ወደሌለው ሙያ ማዞር ይችላል፤ የምዝገባው ጊዜ ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳያልፍበት።

ሜትሩን ካወጡ አይቀር የአያቶችንም ቁመት ይለኩ። ከ40 ዓመት በኋላ ሰው በአሥር ዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ማጠሩ የተለመደ ነው። እማማ ወይም አባባ በወጣትነታቸው ከነበሩበት ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ ካጠሩ ግን፣ አጥንታቸው ሳስቶ የአከርካሪ አጥንት ሳያውቁት ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያሳዩአቸው።